ሳይገለበጥ የተማለበት ባርኔጣ

ቢያድግልኝ ባርኔጣን የሚለየው ሰው ጎረቤቱን ከማዶ እንደሚለየው ነው። ፊት ማየት አያስፈልገውም። በደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ፣ ልባሽ ጨርቅ ከሚዘረጋበት መደዳ ጫፍ፣ ሸራ ወጥሮ መቀመጥ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቦንዳ ተፈትቶ ሱሪው ለብቻ፣ ሹራቡ ለብቻ ሲከመር፣ ከመሃል የሚወጣው የራስ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይወረወራል። ሌላው ነጋዴ ሁሉንም «ኮፍያ» ብሎ ይገላገላል። ይህ ለቢያድግልኝ በግን ከፍየል አለመለየት ነው፤ ሲሰማም ያንገሸግሸዋል።

«ሁለት ነገር ብቻ እይ» ይላል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። «አናቱንና ክፈፉን። ሌላው ወሬ ነው።»

ክፈፍ ጨርሶ የሌለው፣ አናቱ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ፣ ወደ አንድ ጆሮ ዘንበል የሚል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጭራ የበቀለችበት ቤሬ ነው፤ ወታደር «ቦኔት» የሚለው። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከጨርቅ ቁራጭ የተሰፋ፣ ክፈፉም ዙሪያውን ወደ ታች የተደፋና በክር መስመር የተጠቀጠቀ ባኬት ነው፤ ባልዲ ገልብጠህ ራስህ ላይ የደፋህ ይመስላል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ግን ይሻሙበታል። አናቱ እንደ ደወል ድቡልቡልና ጥልቅ፣ ምንም ስርጉድ የሌለው፣ አጭር ክፈፉ ከአናቱ ሳይሰበር ለስለስ ብሎ ወደ ቅንድብ የሚወርድ ክሎሽ ይባላል፤ የሴት ነው። ፌዶራ ደግሞ የባርኔጣዎች አለቃ ነው። አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ስርጉድ አለው፤ ከፊቱ ግራና ቀኝ ጎድጎድ ያሉ ጉንጮች አሉት፤ ክፈፉ ሰፊ ነው፣ ከፊት ዝቅ ከኋላ ቀና ይላል፤ የሪባኑ ቋጠሮ በግራ በኩል ያርፋል።

ይህን ሁሉ ሲያስተምር ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ «ግን ባርኔጣን ሳትገለብጥ አትማል። ውጪው ይዋሻል፣ ውስጡ አይዋሽም።»

ሚስቱ እፀገነት፣ የሪባኑንና የውስጥ ቆዳውን ስፌት ቤት ቁጭ ብላ የምትሠራለት፣ ይህን አባባል በሰማች ቁጥር ትስቅበታለች። «እሱ ራሱ ከገለበጠ ስንት ዘመኑ!» ትላለች። «ዓይኑ ይፈርዳል፣ እጁ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።» እውነቷን ነበር። ሰው ሲያደንቀው ማን ይጠላል? ወጣቶች ከገበያው ማዶ ባርኔጣ በዱላ ጫፍ ሰቅለው «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ይሄስ?» ብለው ሲጮኹ፣ እሱ ቀና ሳይል በአንድ ዓይኑ ገርመም አድርጎ ስሙን ይጠራል። አልሳተም። ወይም ሳተ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከደንበኞቹ አንዱ ሞገስ ነበር። ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ገብስና ድንች የሚያመርት፣ ሰላምታው የማያልቅ ረጅም ሰው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለሠርጉ ከቢያድግልኝ አመድማ ፌዶራ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለቡሄ ዋዜማ እያመጣ ያሳድሰዋል። ቢያድግልኝ ማንቆርቆሪያ ጥዶ፣ ባርኔጣውን በእንፋሎት አለስልሶ፣ ከእንጨት የተጠረበ ራስ ላይ ያስገባና ስርጉዱን እንደገና ያወጣለታል። በየዓመቱም አንድ ዓይነት ቁጣ ይቆጣዋል።

«አንተ ሰው፣ ባርኔጣ በክፈፉ ነው የሚያዝ ብዬህ አልነበር? ጉንጩን ቆንጥጠህ ቆንጥጠህ ልትበሳው ነው!»

«ምን ላርግ ጋሼ» ይላል ሞገስ እየሳቀ። «ከቤቴ ደብረ ታቦር ስመጣ አምስት ቤተ ክርስቲያን አልፋለሁ። ሽማግሌው አይቆጠርም። ለሁሉም ከራሴ አወርዳለሁ።»

የሚያወርደውም በሦስት ጣት ነው፤ በአውራ ጣቱ፣ በመሃል ጣቱና በቀለበት ጣቱ። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት በልጅነቱ ማጭድ ወስዶታል። ስለዚህ የእሱ ባርኔጣ ጉንጭ የሚያልቀው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። በግራ ጉንጩ አንድ የአውራ ጣት ፋቅታ አለ። በቀኝ በኩል፣ ሌላው ሰው በሌባ ጣቱ የሚፍቀው ቦታ፣ እንደ አዲስ ሱፉ ቆሞ ይታያል፤ ሁለት ፋቅታዎች ግን ከዚያ ፈቀቅ ብለው ተጎራብተዋል። ቢያድግልኝ በየዓመቱ ያይ ነበር። አይቶም ይረሳ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ሞገስ የታደሰ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ። ማምሻውን ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ከመንደሩ በታች ያለችውን ወንዝ ሞላት። ሞገስ ቤቱ አልደረሰም።

መንደሩ ወጥቶ ሳምንት ሙሉ ወንዙን ተከትሎ ፈለገ። አንድ ጫማ እንኳ አልተገኘም። ከዚያ ወሬ ተነሣ፤ ወንዙን አልተሻገረም፣ መተማ ለሰሊጥ አረም በሄደ መኪና ሲሳፈር ያየው አለ ተባለ። ሚስቱ ፈንታነሽ ይህን ወሬ እንደ ገመድ ጨበጠችው። ቄሱም ቢሆኑ «ሞቱ ሳይረጋገጥ ፍትሐት አይፈታም፣ አንቺም ማቅ አትልበሽ፤ ምልክት እስኪገኝ ጠብቂ» አሏት። ስለዚህ ሚስት ነሽ ወይስ መበለት ሳትባል፣ በሩን በየማታው ገርበብ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የሞገስ ታናሽ ወንድም ሲሳይ ገበያው ውስጥ ገባ። ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ አንድ ጭቃ የበላው ነገር ሰቅሎ ነበር። ወንዙ ከጎደለ በኋላ ከታች፣ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ ከደራሽ ውኃ የወጣ ነገር በእጅ አይነካም፣ ባለቤቱ ይከተላል ይባላል። ሲሳይም ቢሆን ከመንደሩ እስከ ገበያው በዱላ ነው ያመጣው።

«ጋሽ ቢያድግልኝ!» አለ ከሰው ጀርባ ቆሞ። «የወንድሜ ነው?»

ቢያድግልኝ ለአንድ አስተማሪ ቤሬ እየመረጠ ነበር። ቀና አለና አየ። አናቱ ድቡልቡል ነው። ስርጉድ የለውም፣ ጉንጭ የለውም፣ ሪባን የለውም። ክፈፉ አጭር ነው፣ ወደ ታች ወርዷል። የገበያው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። በልቡ «ተነሥተህ ገልብጠው» የሚል ድምፅ አልመጣም አይባልም፤ መጥቷል። ግን ያን ውኃ የተፋው ነገር መንካት ቀፈፈው። ደግሞስ ዓይኑ መቼ ዋሽቶት ያውቃል?

«ክሎሽ ነው» አለ። «የሴት ነው። የሞገስ ፌዶራ ነው፤ ስንቴ በእጄ ሠርቼዋለሁ።»

ሲሳይ እዚያው ገበያ መሃል ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ያዩት ሴቶች እልል አሉ። ባርኔጣው የማን እንደሆነ ባይታወቅም ባለቤቷ ብትመጣ ተብሎ ሲሳይ ቤት የበረት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ቢያድግልኝም ለሰው ደስታ ምክንያት በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ደረቱ ተነፍቶ ዋለ።

በኅዳር አጋማሽ፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ፈንታነሽ የቢያድግልኝን ቤት በር አንኳኳች። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር በክንዷ ይዛለች። ከስታለች፤ ዓይኖቿ ሰው ፊት ላይ አያርፉም። እፀገነት ወንበር ሰጥታ እህል ቅመሺ ብትላት አልቀምስም አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጣሁ» አለች። «ላቃጥለው ወይስ ወደ ወንዙ ልመልሰው?»

«ምኑን?»

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ያችን የሴት ባርኔጣ። ባለቤቷ መጣች።»

ቢያድግልኝ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ፈንታነሽ በረጅሙ ተነፈሰችና ጀመረች። ከብት ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት፣ ብርሃን ሳይጠፋ፣ አጥሩ ማዶ አንድ ሰው ይቆማል። ከግራዋው ዛፍ አጠገብ፣ ሁልጊዜ እዚያው። አይናገርም፣ አይራመድም። ፊቱ አይታይም፤ ከበስተጀርባው ሰማዩ ስላለ ጥላው ብቻ ነው የሚለይ። ውሻዋ፣ አላፊ አግዳሚውን የማታሳልፈው፣ እሱ ሲመጣ አገጯን መሬት ላይ ጣል አድርጋ ዝም ትላለች።

«መጀመሪያ ቀን ሞገስ መስሎኝ ዘልዬ ወጣሁ» አለች። «እየሮጥኩ መሃል ግቢ ስደርስ ባርኔጣውን አየሁት። የእሱ አይደለም። የባሌን ባርኔጣ ሦስት እርሻ ማዶ አውቀዋለሁ፤ አናቱ ላይ ጎድጎድ ይላል፣ ከኋላው ቀና ይላል። ይሄኛው ድቡልቡል ነው። ክፈፉ እዚህ ድረስ ወርዷል» ብላ በእጇ ቅንድቧን ነካች። «ተመልሼ ዘጋሁ።»

«መቼ ነበር ይሄ?» አለች እፀገነት ቀስ ብላ።

«በቡሄ ማግስት ማታ።»

ቢያድግልኝ ጆሮውን ተጠራጠረ። በቡሄ ማግስት ያ ባርኔጣ ገና አልተገኘም ነበር። ማንም አላየውም።

«ባርኔጣው የተገኘ ጊዜ» አለች ፈንታነሽ ቀጥላ «ሲሳይ ምሰሶ ላይ ሲሰቅለው አየሁት። ያ የሚቆመው ያደረገው ይህንኑ ነው። እርስዎ የሴት ነው ሲሉ ደግሞ ነገሩ ገባኝ። ከላይ አገር ውኃ የወሰዳት ሴት ትሆናለች፤ ባርኔጣዋን ፈልጋ ነው። እኔ ደጅ ምን አላት? እንግዲህ ከእኔ ላይ ትነሣልኝ። ባሌ መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ይህን ደጃፉ ላይ እንዲያገኝ አልፈልግም። ዛሬ ላቃጥለው ነው ያሰብኩ። ግን ሱፍ ስለሆነ እርስዎን ሳልጠይቅ ፈራሁ።»

ቢያድግልኝ ማለት የነበረበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አቃጥይው»። ያኔ ነገሩ ያልቃል። ገበያው እንዳደነቀው ይኖራል፤ እሷም ተስፋዋን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው። እፀገነት ከክር ማጠንጠኛዋ ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ዛሬ አልሳቀችም።

«ገልብጠው» አለችው።

ቢያድግልኝ ፌስታሉን ፈታ። ባርኔጣው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከወር በላይ በረት ውስጥ ደርቆ የዋለ ነገር ሊሆን ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ። ገለበጠው።

ውስጡ ቆዳ አለው። በውኃ ጠቁሮ፣ ተጨማትሮ፣ ግን ዙሪያውን የተሰፋ ሰፊ የቆዳ መቀነት። ክሎሽ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቆዳ የለውም፤ ቀጭን ጨርቅ ነው የሚዞረው። በአውራ ጣቱ ክፈፉና አናቱ የሚገናኙበትን ዳበሰ። ክሎሽ ቢሆን ጣቱ ሳይደናቀፍ ይንሸራተት ነበር። እዚህ ግን ጥርት ያለ እጥፋት አለ፤ ክፈፉ ለብቻው ተሰብሮ የወጣበት መስመር። ወደ ብርሃን ወሰደው። አናቱ ሥር ዙሪያውን ፀሐይ ያልነካው ጠቆር ያለ ቀለበት ነበር፤ የሪባን ጥላ። በግራ በኩል ቀለበቱ ሰፋ ይላል፤ የቋጠሮ ጥላ። ክፈፉ አጭር የሆነው ሲሠራ አጭር ስለነበር አይደለም፤ ሱፍ ሲረጥብና በፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል። አናቱም ክብ ሆኖ የተሠራ አይደለም። ውኃ የጠገበ ፌዶራ ስርጉዱን ይለቅና እንደ ደወል ይነፋል። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በደብረ ታቦር ማን አለ?

ቆዳውን ወደ ውጭ ቀልበስ አደረገ። ከሥሩ ሰማያዊ ድርብ ስፌት ነበር። ይህን ስፌት የሰፋው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የእፀገነት ክር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ግራ ክፈፉ ላይ አንድ ቅዳጅ አየ። የጣት ጥፍር ታክላለች። ባርኔጣው ሁሉ ጭቃ ጠጥቶ ሳለ የቅዳጇ ከንፈር ንጹሕ ነው፤ ከወንዙ በኋላ፣ ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ የተቀደደች ትመስላለች። ምንነቷ አልገባውምና አለፋት።

«እፀገነት፣ ማንቆርቆሪያውን ጣጂ» አለ።

እንፋሎቱ ሲወጣ ባርኔጣውን ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ደፋው። ሱፉ ቀስ እያለ ለሰለሰ። የወንዝ ሽታ፣ የረጠበ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ቤቱን ሞላው። ለስልሶ ሲያበቃ እንጨት ራስ ላይ አስገባው፤ ተኮማትሯልና እየጎተተ፣ እየለመነ። ከዚያ እጁን አነሣና ስርጉዱን ለማውጣት ተዘጋጀ።

እጁ ከመድረሱ በፊት አናቱ መስመጥ ጀመረ።

በዝግታ ነበር፤ አንድ ሰው ከላይ መዳፉን ያሳረፈበት ይመስል። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስርጉድ ራሱን አገኘ። ቀጥሎ ከፊት ግራና ቀኝ ጉንጮቹ ጎደጎዱ። ቢያድግልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ሱፍ የለመደውን እንደማይረሳ ያውቃል፤ ያለቀ ቦታ ሲሞቅ ቀድሞ ይሰምጣል። ይህን ለራሱ ነገረው። እጁ ግን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። በግራ ጉንጩ አንድ ፋቅታ ወጣ። በቀኙ ሁለት። ሌባ ጣት ማረፍ በነበረበት ቦታ ሱፉ እንደ አዲስ ቆሟል።

ፈንታነሽ ከወንበሯ ተነሣች። ሚስት ስለሆነች ማንም ሳይነግራት አየች።

«ፌዶራ ነው» አለ ቢያድግልኝ። «የሞገስ ነው። ክሎሽ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው ልጄ፤ ሳልገለብጥ ማልኩ። ውኃው ነው ቅርጹን የወሰደው።»

አላለቀሰችም። ጣቷን ዘርግታ ግራ ክፈፉ ላይ ያለችውን ቅዳጅ ነካች።

«ከትናንት ወዲያ ማታ» አለች በሹክሹክታ፣ «ድንጋይ ወረወርኩበት። በስመ አብ ብዬ፣ ሂጅ ከደጄ ብዬ ወረወርኩ። ግራ ክፈፉን መታሁት። ባርኔጣው ግን ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር ጋሼ። ሲሳይ ቤት ነበር።»

እፀገነት አማተበች።

«ሦስት ወር ሙሉ ደጁ ላይ ቆሞ» አለች ፈንታነሽ፣ መሬት ላይ እየተቀመጠች፤ «ሦስት ወር! በሩን ለእሱ ገርበብ አድርጌ፣ እሱን ራሱን በድንጋይ…»

«ያስወረወርኩሽ እኔ ነኝ» አለ ቢያድግልኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ሥራውን ጨረሰው። ጭቃውን በብሩሽ አወጣ፣ ክፈፉን ከፊት ዝቅ ከኋላ ቀና አደረገ፤ እፀገነት ጥቁር ሪባን አዙራ በግራ ቋጠረችለት። ወደ ቅዳጇ መርፌ ስታስጠጋ ፈንታነሽ እጇን ያዘቻት።

«ይቺን ተዉልኝ እትዬ» አለች። «ይቺ የእኔ ናት።»

ቢያድግልኝ ብቻዋን አልሰደዳትም። ከሰዓት በኋላ የገሳይ ሚኒባስ ላይ አብረው ተሳፈሩ። ባርኔጣውን በመሃላቸው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ልቀመጥ ያለ አልተገኘም። ረዳቱ እንኳ፣ ለወትሮው ሰው በሰው ላይ የሚጭነው፣ አንዴ አየት አድርጎ «የተያዘ ነው» አለና አለፈ።

መንደሩ ሲደርሱ ከብቱ እየገባ ነበር። ሲሳይ የሰማውን ሰምቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ቢያድግልኝን ሰላም አላለውም፣ ቢያድግልኝም አልጠበቀም። ፈንታነሽ ባርኔጣውን ተቀብላ ወደ አጥሩ ሄደች። ከግራዋው አጠገብ ባለው የአጥር እንጨት አናት ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አድርጋ ደፋችው። ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ብላ ቆመች። ከጉና የወረደ ጉም ማሳውን እያለፈ መጣ።

ቢያድግልኝ ጥላው መቼ እንደመጣ አላየም። አንድ ጊዜ አጥሩ ማዶ ጉም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ውሻዋ አገጯን መሬት ላይ ጣለች። ከባርኔጣው ኋላ፣ ጉሙ ጠቆር ያለበት ቦታ ነበር፤ ቁመቱ የረጅም ሰው ቁመት። አናቱ ድቡልቡል፣ ክፈፉ የወረደ። ሲሳይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ፈንታነሽ አልሸሸችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ሞገስ» አለች። «በባርኔጣህ አላወቅሁህም። የወሰደብህ ውኃው ነበር፤ አሁን አሠርቼልህ መጣሁ። ድንጋዩን ይቅር በለኝ። አውቄሃለሁ፤ ባሌ ነህ።»

ጉሙ ቀስ ብሎ አጥሩን ተሻገረና ሁሉን ሸፈነ፤ እጃቸውን እንኳ አላዩም። ቢያድግልኝ በዚያ ነጭ ውስጥ የሰማው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ሱፍ በጣት ሲያዝ የሚያሰማውን ያችን ትንሽ ድምፅ። ሌላ ሰው ሊሰማት አይችልም፤ እሱ ግን የሕይወቱ ድምፅ ናት። ለሰላምታ ባርኔጣ የሚነሣበት ድምፅ።

ጉሙ ሲያልፍ ማዶው ባዶ ነበር። ውሻዋ ተነሥታ ራሷን አራገፈች። ባርኔጣው እንጨቱ ላይ እንደነበረ ነው።

ቢያድግልኝ ሄዶ አነሣው፤ እንደ ልማዱ በክፈፉ። ሱፉ ሁሉ ደረቅ ነበር፣ ጉሙ እንኳ አላረጠበውም። ጉንጮቹ ብቻ እርጥብ ነበሩ። በግራ አንድ፣ በቀኝ ሁለት። የሌባ ጣቱ ቦታ ደረቅ ነበር። አዙሮ ለፈንታነሽ አሳያት። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ባለቤት።

በማግስቱ ፍትሐቱ ተፈታ። አስከሬን በሌለበት እንደሚደረገው የሞገስ ጋቢ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ በትሩ በጎኑ ተጋድሞ፣ ባርኔጣው በራስጌው ተቀምጦ ተለቀሰ። ያለቀሱት ሁሉ የእሱ መሆኑን በሩቁ አወቁት። ቢያድግልኝ ለሲሳይ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ሲሳይም ቆይቶ ቆይቶ አነሣው። ከዚያ ቀን ወዲያ አጥሩ ማዶ የቆመ የለም።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶቹ ከገበያው ማዶ ባርኔጣ በዱላ ሰቅለው «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ይሄስ?» ይሉታል። እሱ ሥራውን ያስቀምጥና ከመቀመጫው ይነሣል፤ በሰው መሃል አልፎ፣ እነሱ ዘንድ ድረስ ሄዶ፣ ሁለት እጁን ይዘረጋል።

«ስጡኝ» ይላል። «ልገልብጠው።»